አንድ ምዕራፍ በአንድ ወረቀት
የሕዝብ ቁጥር ዕድገትና የከተሜነት ትምህርት እንዴት ቢጠቃለል ይያዛል?

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ የጂኦግራፊ መጽሐፏንና ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ስለ ሕዝብ ቁጥር ዕድገትና ስለ ከተሜነት የሚያወራውን ምዕራፍ አሳጥሬው ነበር፤ ግን እንዳሳጠርኩት እርግጠኛ አይደለሁም» አለችኝ። ደብተሯን ገለጥኩት። አሥራ አንድ ገጽ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተሞልቷል። መጽሐፉ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል።

ጂኦግራፊ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉምና አንድ ጥያቄ ሰነዘርኩላት። «ከ1987ቱ እስከ 1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ድረስ በከተማ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በ4 ሚሊዮን ተኩል ጨመረ። ታዲያ አገሪቱ ያን ያህል ከተሜ ያልሆነችው ለምንድን ነው?» አልኳት። ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረች። የከተማው ቁጥር ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ፤ የገጠሩ ሰባተኛው ላይ አለ፤ የከተሜነት ትርጉም ደግሞ መጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ሁሉም አለ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ግን አልተገናኘም።

ደብተሩን ዘጋንና አንድ ነጭ ወረቀት አወጣን፤ ለሦስት አጠፍነው። በመጀመሪያው እጥፋት ቃላቱን፣ በሁለተኛው ቁጥሮቹን፣ በሦስተኛው ሁለት አገሮችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ተስማማን። ያን ቀን የሠራነውን ለአንባቢ የማካፍለው ምዕራፉ የተማሪ ብቻ ስላልሆነ ነው። የቤት ኪራይ ለምን እንደሚንር፣ ወጣቱ ከገጠር ለምን እንደሚፈልስ፣ የእርሻ ማሳ ለምን እንደሚጣበብ የሚያስረዳው ይኸው ምዕራፍ ነው።

የመጀመሪያው እጥፋት፦ ቃላቱ

የእህቴ ልጅ ሃያ ስድስት ቃላት ጽፋ ነበር። እኛ ያስቀረነው አምስት ነው። የመረጥንበት መንገድ ቀላል ነው፤ ያለ እሱ ስሌቱ የማይሄድ ወይም ከሌላ ቃል ጋር ሲምታታ መልሱን የሚያበላሽ ቃል ብቻ ይቀመጥ አልን።

የመጀመሪያው *ተፈጥሯዊ ጭማሪ* ነው፤ ከተወለዱት ላይ የሞቱት ሲቀነሱ የሚቀረው። ሁለተኛው *የተጣራ ፍልሰት* ነው፤ ከገቡት ላይ የወጡት ሲቀነሱ የሚገኘው። የአንድ ቦታ ሕዝብ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በእነዚህ ሁለት በሮች ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ በጥቅሉ ያደገው ከሞላ ጎደል በመጀመሪያው በር ነው። ከተማ ግን ሁለቱንም በሮች ከፍቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ስለ አንድ ከተማ ማደግ ስናነብ ቀድመን የምንጠይቀው «በየትኛው በር?» ብለን ነው።

ሦስተኛው *የወሊድ ምጣኔ* ነው። አንዲት ሴት በመውለጃ ዕድሜዋ ሁሉ በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ብዛት ያሳያል። ከእሱ ጋር *መተኪያ ደረጃ* የሚባለው ይሄዳል፤ ቁጥሩ 2.1 ነው። ሁለቱ ልጆች እናትና አባትን ይተካሉ። ትርፏ ነጥብ አንድ የምትመጣው ለእናትነት ሳይደርሱ የሚሞቱ ሴት ልጆች ስላሉና ከሴት ይልቅ ወንድ በጥቂቱ በዝቶ ስለሚወለድ ነው። የሕፃናት ሞት በበዛበት አገር መተኪያው ከ2.1 ከፍ ይላል።

አራተኛው *የጥገኝነት ምጣኔ* ነው። ለሥራ ደርሰዋል ተብለው የሚቆጠሩት ከ15 እስከ 64 ዓመት ያሉት ናቸው፤ ከዚያ በታችና በላይ ያሉት ጥገኛ ይባላሉ። ምጣኔው በመቶ ሠራተኛ ስንት ጥገኛ እንዳለ ይነግረናል።

አምስተኛው ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው። *የከተማ ዕድገት* እና *ከተሜነት* አንድ አይደሉም። የከተማ ዕድገት የከተማ ነዋሪው ቁጥር መጨመሩ ነው። ከተሜነት ደግሞ ከጠቅላላው ሕዝብ የከተማ ነዋሪው ድርሻ ከፍ ማለቱ ነው። አንዱ ብዛት ነው፤ ሌላው ድርሻ። የቅዳሜው ጥያቄዬ መልስ እዚህ ላይ ነበር።

እስኪ እናስላው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 7.3 ሚሊዮኑ በከተማ ይኖራል። ድርሻው 13.7 ከመቶ መሆኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. ጠቅላላው 73.75 ሚሊዮን፣ ከተሜው 11.9 ሚሊዮን ሆነ፤ ድርሻው 16.1 ከመቶ። የከተማ ነዋሪው ቁጥር በ62 ከመቶ አደገ፤ ይህ ትልቅ የከተማ ዕድገት ነው። ድርሻው ግን ከፍ ያለው በሁለት ነጥብ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱም በእነዚያው ዓመታት የገጠሩ ሕዝብ ከ46 ሚሊዮን ወደ 62 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። ከተማው 4 ሚሊዮን ተኩል ሰው ሲጨምር ገጠሩ ወደ 16 ሚሊዮን ጨመረ። ገጠር ሰው ወደ ከተማ እየላከም ራሱ እየሞላ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ስሌት የእህቴ ልጅ በራሷ እጅ ሠራችው። ሲያልቅ፣ «ቁጥሮቹ ሁሉ ደብተሬ ላይ ነበሩ እኮ!» አለች።

ሁለተኛው እጥፋት፦ ቁጥሮቹ

ቁጥር ብቻውን ሲያዝ ይጠፋል። እኛ እያንዳንዱን ቁጥር ስንጽፍ ከጎኑ ሁለት ነገር አብረን አሰፈርን፤ ዓመቱንና ማን እንዴት እንዳገኘው።

ዓመቱ ለኛ ተማሪዎች የራሱ ወጥመድ አለው። የመማሪያ መጽሐፉ አንዳንዴ በኛ፣ አንዳንዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል። የ1987ቱ ቆጠራ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ነው፤ የ1999ኙም የ2007ቱ። በእህቴ ልጅ ደብተር ላይ አንደኛው «1994»፣ ሁለተኛው «1999» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እንዲህ ከሆነ በመካከላቸው አምስት ዓመት ብቻ ይኖራል፤ ሕዝቡም በአምስት ዓመት 20 ሚሊዮን ጨመረ ማለት ይሆናል። እውነተኛው ርቀት ግን ከጥቅምት 1987 እስከ ግንቦት 1999፣ 12 ዓመት ከ7 ወር ነው። የዕድገት መጠኑ 2.6 ከመቶ በዓመት የሚሆነው በዚህ ርቀት ሲሰላ ነው።

ከዚህ 2.6 ጋር አንድ የጣት ስሌት ይያዛል። 70ን ለዓመታዊ የዕድገት መጠን ስናካፍለው ሕዝቡ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ይነግረናል። 70 ለ2.6 ወደ 27 ዓመት ነው። 73.75 ሚሊዮኑ በዚያው ፍጥነት ቢሄድ በ2026 ዓ.ም. ወደ 147 ሚሊዮን ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ግን ትንቢት አድርጎ መያዝ ስሕተት ነው፤ ስሌቱ «ፍጥነቱ ካልተለወጠ» በሚል ቃል የታሰረ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ የወሊድ ምጣኔው ሲወርድ ይለወጣል።

ቁጥሩን ማን እንዳገኘው መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አራተኛው ቆጠራ ሲራዘም ኖሯል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የምናነበው የሕዝብ ቁጥር ግምት ነው፤ ግምቶቹም አይስማሙም። እ.ኤ.አ. ለ2022 የተባበሩት መንግሥታት ግምት ወደ 123 ሚሊዮን ሲሆን፣ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቋም ትንበያ ደግሞ 105 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልዩነቱ 18 ሚሊዮን ነው። ከሁለቱ አንዱን «የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት» ብሎ ያለ ምንጭ የጻፈ ተማሪ የሌላውን መጽሐፍ ሲያይ ግራ ይጋባል። ምንጩን የጻፈ ግን ሁለቱም ከየት እንደመጡ ያውቃል።

በመጨረሻ በዚህ እጥፋት ያስቀረናቸው ጥቂት ናቸው፦ ሦስቱ የ1999 ቆጠራ ቁጥሮች፣ ማለትም ጠቅላላው ሕዝብ፣ የከተሜው ድርሻና የዕድገት መጠኑ፤ መተኪያው 2.1፤ የ70 ስሌት። ከዓለም ደግሞ ሁለት ብቻ ጨመርን። እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ የዓለም ከተሜ ሕዝብ የገጠሩን በለጠ፤ በኅዳር 2022 የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን መድረሱ በተባበሩት መንግሥታት ታወጀ። የቀረው ቁጥር ከሁለቱ አገሮች ጋር አብሮ ቢያዝ ይሻላል ብለን አለፍን።

ሦስተኛው እጥፋት፦ ሁለት አገሮች

መጽሐፎች ለንጽጽር ሁለት አገር ሲያቀርቡ አንዱን በአንድ ገጽ፣ ሌላውን በሌላ ገጽ ያስቀምጣሉ። ተማሪውም እንደዚያው ይገለብጣል። ንጽጽር የሚሆነው ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቁ ነው። እኛ ኢትዮጵያንና ጃፓንን መረጥን፤ ሦስት ጥያቄም አዘጋጀን፦ ትልቁ ከተማ በየትኛው በር ያድጋል? የላከው ገጠር ምን ይሆናል? ሠራተኛው ማንን ይሸከማል?

በመጀመሪያው ጥያቄ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ይህ የእህቴን ልጅ በጣም አስገርሟታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የኢትዮጵያ የወሊድ ምጣኔ 4.6 ሲሆን የአዲስ አበባ ግን 1.8 ነበር፤ ከመተኪያ በታች። አዲስ አበባ ውስጥ ጋብቻ ይዘገያል፣ ቤት ማግኘት ከባድ ነው፣ የወሊድ መቆጣጠሪያም ይገኛል። ከተማዋ የምታድገው በዋናነት ከክፍለ ሀገር በሚመጣው ሰው ነው፤ በ1999 ቆጠራ ከነዋሪዎቿ ግማሽ የሚጠጉት ከሌላ ቦታ የመጡ ነበሩ። ቶኪዮም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወሊድ ምጣኔዋ 0.99 ነበር፤ የጃፓን በጠቅላላው 1.20። ቶኪዮን የሚሞሏት ለዩኒቨርሲቲና ለሥራ ከየአውራጃው የሚመጡ ወጣቶች ናቸው።

ልዩነቱ የሚገለጠው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ገጠር በዚያው ጥናት የወሊድ ምጣኔው 5.2 ነበር። አምስት ልጆች ያሉት ቤት ሁለቱን ወደ ከተማ ቢልክ ሦስቱ ይቀራሉ፤ ሦስቱም የአባታቸውን ማሳ ይጠብቃሉ። መንደሩ ሰው ላከ፤ አልጎደለም። ስለዚህ ፍልሰቱ የመሬቱን ጥበት ያቃልላል እንጂ አያስቀረውም።

በጃፓን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የጃፓን የወሊድ ምጣኔ 4.5 ነበር። ይህ በ2008 ዓ.ም. ከነበረው የኢትዮጵያ ምጣኔ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። ጃፓን በ1948 ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደ ሕግ አወጣች፤ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትም ተስፋፋ። በ1957 ምጣኔው ወደ 2 ወርዶ ተገኘ፤ በአሥር ዓመት ከግማሽ በታች። ፋብሪካዎቹ ወጣት ሠራተኛ አጥብቀው የፈለጉት በዚሁ ጊዜ ገደማ ነበር። ከሰሜን ምሥራቅ ገጠሮች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ የ15 ዓመት ልጆች ልዩ ባቡር ተዘጋጅቶላቸው በጅምላ ወደ ቶኪዮ ይጓዙ ነበር፤ ኡዌኖ በተባለው ጣቢያ ሲወርዱ አሠሪዎቻቸው ይቀበሏቸዋል። አገሬው «የወርቅ እንቁላሎች» ይላቸው ነበር።

እነዚያ ልጆች የተወለዱት ምጣኔው ገና ሳይወርድ ወይም እየወረደ ሳለ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን ከሁለት ልጅ ቤት የወጣ ነው። ሁለት ልጆች ያሉት ቤት ሁለቱንም ሲልክ የሚቀሩት አባትና እናት ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ቤቱ ይዘጋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረገችው የቤቶች ጥናት ባዶ ቤቶች ወደ 9 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ከአገሪቱ ቤቶች 13.8 ከመቶ ማለት ነው። የአገሪቱ ሕዝብም በ2008 ገደማ 128 ሚሊዮን ደርሶ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ነው።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ እርሳሷን አስቀምጣ፣ «ስለዚህ ሁለቱም ከተሞች ሰው ከገጠር ይስባሉ፤ ግን እኛ ጋ ገጠሩ ሞልቶ ይላካል፣ እነሱ ጋ ተሟጦ ይላካል» አለችኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በወረቀቱ መካከል በትልቁ ጻፍናት። ከአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ ያልነበረችው እሷ ናት።

ሦስተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። በ1999 ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45 ከመቶው ከ15 ዓመት በታች፣ 3 ከመቶው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። 48 ጥገኛ ለ52 ሠራተኛ ሲካፈል፣ ለመቶ ሠራተኛ 92 ጥገኛ ይደርሳል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ15 በታች የሆኑት 12 ከመቶ፣ አረጋውያኑ 29 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ ለመቶ ሠራተኛ ወደ 70 ጥገኛ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የጃፓን ሸክም ቀላል ነው ይላል። ነገር ግን የኛ ጥገኞች በብዛት ሕፃናት ናቸው፤ የሚጠይቁት ክትባት፣ መምህርና ቆይቶም ሥራ ነው። የጃፓን ጥገኞች በብዛት አረጋውያን ናቸው፤ የሚጠይቁት ጡረታ፣ ሐኪምና አስታማሚ ነው። ሕፃኑ ነገ ወደ ሠራተኛው ጎራ ይገባል፤ ሥራ ካገኘ። አረጋዊው ግን አይመለስም። ስለዚህ የጥገኝነት ምጣኔን ስንጽፍ የሕፃናቱንና የአረጋውያኑን ለይተን ካልጻፍን ቁጥሩ ያሳስተናል።

ከወረቀቱ ጀርባ

የወረቀቱን ጀርባ ለጥንቃቄ ተውነው። በዚህ ምዕራፍ ትልቁ አደጋ «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በኢትዮጵያ ቆጠራዎች ከተማ ለመባል በጥቅሉ 2000 ነዋሪ ይበቃል፤ የወረዳ ዋና ከተማ የሆነ ቦታ ደግሞ ከዚያም ቢያንስ ይቆጠራል። በጃፓን ሕግ ከተማ ለመባል መነሻው 50 ሺህ ነው። የሁለቱን የከተሜነት ድርሻ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የተለያየ ሚዛን ላይ የተመዘነ እህል እያወዳደርን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

ወሰንም እንዲሁ ቁጥር ይለውጣል። በጃፓን ቆጠራ በከተማ አስተዳደር ሥር የሚኖረው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 79 ከመቶ ገደማ በ2005 ወደ 86 ከመቶ ዘለለ። ይህን ያየ ተማሪ ሚሊዮኖች በአምስት ዓመት ወደ ከተማ ጎረፉ ብሎ ይጽፋል። የሆነው ግን መንግሥት ትንንሽ ከተሞችንና መንደሮችን እያዋሐደ በትልልቅ የከተማ አስተዳደሮች ሥር ማድረጉ ነው። በ1999 ከነበሩት 3232 የአካባቢ አስተዳደሮች በ2010 የቀሩት 1727 ነበሩ። ገበሬው ከሩዝ ማሳው ሳይነቃነቅ ከተሜ ተብሎ ተቆጠረ።

በአዲስ አበባ የሆነው ተቃራኒው ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የከተማዋ ዓመታዊ ዕድገት 2.1 ከመቶ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከአገሪቱ 2.6 ያነሰ። ከተማዋ ዓይናቸው እያየ ስትሰፋ የነበሩ ነዋሪዎች ይህን ለመቀበል ተቸግረው ነበር። ከመተኪያ በታች የሆነው የወሊድ ምጣኔ የምክንያቱ አንድ ክፍል ነው። ወሰንም የራሱ ድርሻ አለው፤ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ቤት ሠርቶ ወይም ተከራይቶ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ሥራ የሚገባው ሰው የሚቆጠረው በሚያድርበት ነው። የማንኛውንም ከተማ ቁጥር ስታነቡ ወሰኑ የት ላይ እንዳለቀና ከቆጠራ ወደ ቆጠራ ተለውጦ እንደሆነ ጠይቁ።

ወረቀቱ ሲጠናቀቅ አምስት ቃላት፣ ከሃያ የማይበልጡ ቁጥሮች፣ ሁለት አገሮችና አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ነበር። ከዚያ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሜ ጠየቅኋት። ሳታይ መለሰች፤ የገጠሩን 16 ሚሊዮን ጠርታ፣ ብዛትና ድርሻን ለይታ።

ወላጆችና ታላላቆች፣ ልጆቻችሁ ምዕራፍ አሳጥረው ሲያመጡላችሁ ገጹን አትቁጠሩ። ደብተሩን ዘግታችሁ አንድ «ለምን» ጠይቋቸው። ሳያዩ ካስረዷችሁ በእውነት አሳጥረውታል፤ ገጽ ማገላበጥ ከጀመሩ ግን አንድ ነጭ ወረቀት አውጡና አብራችሁ ለሦስት እጠፉት።